ሰኞ የኔ ቀን ነው

እሺ... የመቅጃው ቀይ መብራት በርታለች። ባለፈው ሳትበራ 40 ደቂቃ ለብቻዬ ማውራቴን ታውቃላችሁ።

ዛሬም ስለ አባዬ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።

አባዬ ማክሰኞና ሐሙስ ግማሽ ቀን ብቻ ሊገባ ተስማምተን የለ? ያቺ ሰኞ አልወጣልኝ አለች። አንድ የድሮ ደንበኛ መጡ። 40 ቤርጋ ባለ 12 ፌሮ፣ በዱቤ። ደብተሩን ገለጥኩት። 180 ሺህ ብር አለባቸው፣ ሦስት ወር አልፎታል። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ግማሹን ይክፈሉልኝ" አልኳቸው። አልተቆጡም። ስልካቸውን አውጥተው ፊቴ ደወሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርገው። አባዬ፣ "ስጪው የኔ ልጅ፣ የኔ ሰው ነው" አለ።

እና ጫኙ ልጅ... ወደኔ እንኳን ዞር አላለም። ፌሮውን ማንሳት ጀመረ።

ያ ነው የሚከነክነኝ። ብሩ አይደለም። እሺ፣ ብሩም ነው።

ሳስበው፣ የተካፈልነው ቀን ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። ቼክ ላይ እስከ 50 ሺህ ብቻዬን እፈርማለሁ፣ ከዚያ በላይ ሁለታችን። ባንኩም ያውቀዋል። ዱቤ ግን የትም አልተጻፈም። ገንዘባችን ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ማን ይሰጣል፣ እስከ ስንት፣ የድሮው ሳይከፈል ይጨመራል ወይ? ይህን አልተነጋገርንም።

ግን ደግሞ... አባዬ ሱቁን ሲከፍት የመጀመሪያውን ሚስማር በዱቤ የሰጡት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ይሄ ደብተሩ ላይ የለም። እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስንቱ እንዲህ ይሆን?

"ውክልና ሰጥቼሻለሁ አይደል እንዴ" ይላል። ሰጥቶኛል። ጠበቃው ግን ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል አሉኝ። ንግድ ፈቃዱ በሱ ስም፣ ሂሳቡ በሱ ስም። የዚያን ቀን የኔ ፊርማ ዋጋ የለውም። ፍርድ ቤት ሄደን የወራሽነት ማስረጃ እስክናወጣ ባንክ ያለው ብር አይነካም። አቅራቢ ደግሞ አይጠብቅም። ሱቁን ፒኤልሲ እናድርገው፣ ድርሻውን በየዓመቱ ቀስ እያልክ አዙር ነው ሐሳቡ። የአሜሪካው "ቦርድ አባላችን" ወንድሜ ተስማምቷል፣ እሱ ምን ይከፍላል!

ግን አባትን "ስትሞት" ብላችሁ እንዴት ትጀምራላችሁ? "አንድ ነገር ቢሆን" አልኩት አንዴ። "ምን ይሆናል?" አለኝ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ሲመጣ ቁርጡን ልነግረው ነበር። ቀድሜው ደርሼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቁልፉ እኔም ጋ አለ። ከኪሱ የራሱን አወጣ። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዳዳውን ሁለቴ ሳተው። ዝም ብዬ ጠበቅኩት።

ከዚያ... "ቡና ላስመጣ?" አልኩት።