ካርዱ በየወሩ ይቆረጣል፣ ስልኬ ላይ ግን ምንም የለም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ደዋይ ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ ወንድሜ አሜሪካ ነው ያለው፣ አይፎን ልኮልኝ ካርዱንም እኔ ስልክ ላይ አስገብቶልኝ ነበር። አሁን በየወሩ 7.98 ዶላር ይቆረጥበታል፣ ባንኩ ሲጠየቅ APPLE.COM/BILL ከሚል ጽሁፍ ውጪ ምንም አያሳይም። እኔ Subscriptions ውስጥ ስገባ ባዶ ነው፣ አፖቹንም ካጠፋኋቸው ቆየሁ። ወንድሜ ተቀይሞኛል፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እታለም፣ ሌባ አልገባብሽም። ትናንት ከፕሮግራሙ በፊት በስልክ አብረን ስንፈልገው ስለነበር ያገኘነውን ለሌላውም አድማጭ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ከውጭ ስልክ የተላከለት ሰው ግማሹ አንድ ቀን እዚህ ነገር ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ባንኩን መጨቅጨቅ ይቅር። APPLE.COM/BILL ማለት ብሩን የሰበሰበው አፕል ነው ማለት ነው እንጂ የትኛው አፕ እንደሆነ አይናገርም፣ አፕ ሰሪው በአፕል በኩል ስለሚሸጥ ባንኩ ጋ የሚደርሰው የአፕል ስም ብቻ ነው። የባንኩ ሰራተኛ ደብቆሽ አይደለም፣ እሱም አያየውም። ዝርዝሩ ያለው አፕል ጋ ነው፣ አፕል ደሞ የሚያስቀምጠው በአካውንት ነው፣ በስልክ አይደለም በካርድም አይደለም። ይቺን ከያዝሽ ሌላው ይቀላል፣ ጥያቄው «የትኛው አፕ» ሳይሆን «የትኛው አካውንት» ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩ። 7.98 የሚባል የአፕ ዋጋ ብዙም አይታይም፣ ዋጋዎቹ በአብዛኛው 2.99፣ 4.99፣ 9.99 እያሉ ነው የሚሄዱት። አፕል በአንድ አካውንት በተቀራራቢ ቀን የተገዙ ነገሮችን አንዳንዴ አንድ ላይ ደምሮ ይቆርጣል፣ ስለዚ 7.98 ስሰማ 4.99 እና 2.99 ይሆናል ብዬ ነበር የጠረጠርኩት፣ እንዳልኩትም ሆነ። ታክስ የሚጨመርበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ሌላ መልክ ይይዛልና ሳንቲሙ አልገጠመም ብላችሁ አትተውት። ቀኑም እንደዛው ነው፣ ስቴትመንት ላይ የሚወጣው ቀን ከተገዛበት ቀን አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል።

አሁን ወደ ስልኳ እንምጣ። ስልኩ እንደመጣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሞባይል ቤት ወስዳው «አካውንት ክፈቱልኝ» አለች፣ ከፈቱላት፣ የወንድሟ ካርድም እዛ አካውንት ላይ ገባ። ፎቶ ማሳመሪያ አንድ፣ ኪቦርድ አንድ አወረደች፣ ሁለቱም «ሶስት ቀን በነፃ» የሚሉ ናቸው፣ ነፃው ሲያልቅ ወደ ወርሃዊ ክፍያ ዞሩ። ከዛ የሞባይል ቤቱ ፓስወርድ ጠፋባትና በራሷ ጂሜል አዲስ አካውንት ከፍታ ስልኩ ላይ እሱን አስገባች። የድሮው አካውንት ከስልኩ ወጣ እንጂ አልሞተም፣ ካርዱም እላዩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ስልኩ Subscriptions ሲባል የሚያሳየው አሁን የገባውን አካውንት ስለሆነ ባዶ ሆኖባታል። ውሸት አልነገራትም፣ አዲሱ አካውንት እውነትም ባዶ ነው። አፑን ማጥፋት ደግሞ ክፍያውን አያቆምም፣ ቤት ለቀሽ ኪራይ ውሉን ሳታፈርሺ እንደመሄድ በይው።

የድሮውን አካውንት ኢሜል ግን አታስታውሰውም! እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ሁለት ነገር ሞከርን። አንደኛ ጂሜሏ ላይ Apple ብለን ፈለግን፣ ደረሰኝ የለም፣ እንደማይኖርም ገምቼ ነበር ምክንያቱም ደረሰኙ የሚላከው አካውንቱ በተከፈተበት ኢሜል ነው። ሁለተኛው ሰራ፦ ስልኩ ላይ ከዛ ጊዜ ጀምሮ የቆየ አንድ ጌም ነበር፣ App Store ገብታ እሱን አፕዴት ስትለው ስልኩ ፓስወርድ ጠየቃት፣ ሲጠይቅ የድሮውን ኢሜል ራሱ ጽፎ ነው የሚጠይቀው። በአንድ አካውንት የወረደ አፕ የሚያውቀው ያንኑ አካውንት ስለሆነ ነው። ፓስወርዱን ሳታስገቡ ኢሜሉን ብቻ ገልብጡና ውጡ።

ኢሜሉን ከያዝን በኋላ iforgot.apple.com ላይ ገብታ ፓስወርድ ቀየረች። እድለኛ ናት፣ ሞባይል ቤቱ የመዘገበው የሷን ስልክ ቁጥር ነበር፣ ኮዱ ለሷ መጣ። የራሳቸውን ቁጥር አስገብተው ቢሆን ኖሮ እዛው ሱቅ ድረስ ሄዶ አብሮ ተቀምጦ ማስቀየር ነው፣ በስልክ «ኮዱን ላኪልኝ» መባባል የለም። ሱቁ ተዘግቶ ሰዎቹም ከሌሉ ወንድምየው ራሱ የተቆረጠበትን ቀንና መጠን ይዞ አፕልን ያነጋግር። ቁጥራቸውን ግን ጉግል ላይ ፈልጎ መጀመሪያ ለወጣው እንዳይደውል፣ የአፕል ሰው ነን የሚሉ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል፣ ከራሱ ከአፕል ድረ ገጽ ይግባ።

ከዛ በብሮውዘር reportaproblem.apple.com ተከፈተ። ስልኩ ላይ ያለውን አካውንት መነካካት አያስፈልግም፣ የጎረቤት ኮምፒውተርም ይበቃል (ሲጨርሱ መውጣት እንዳይረሳ)። እዛ ገጽ ላይ የተገዛው ሁሉ ከነስሙ ከነቀኑ ተደርድሮ ይመጣል። ሁለቱም አፖች ቁጭ ብለዋል፣ አንዱ 4.99 አንዱ 2.99።

ማቆሙ ላይ ጥንቃቄ አለ። Settings ገብታችሁ ስማችሁን ስትነኩ Media & Purchases የሚል አለ፣ ከሱ ብቻ ውጡና በድሮው አካውንት ግቡ፣ ከዛ Subscriptions ክፈቱ፣ አሁን ይሞላል፣ አንድ በአንድ Cancel በሉ። ከታች ያለውን ትልቁን Sign Out እንዳትነኩት፣ እሱ iCloud ጭምር ነው የሚያወጣችሁ፣ ፎቶና ኮንታክት ላይ ጣጣ ያመጣል። Cancel የሚለው ከሌለና በቀይ የሚያበቃበት ቀን ከተጻፈ ቀድሞ ቆሟል ማለት ነው። ስትጨርሱ ወደራሳችሁ አካውንት ተመለሱ።

ብሩስ ይመለሳል ወይ ላልሽው፣ እዛው reportaproblem ላይ Request a refund የሚል አለ፣ ምክንያት መርጠሽ ትልኪያለሽ፣ መልሱ በአብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ ይታያል። የዚህን ወር ሊመልሱልሽ ይችላሉ፣ የስምንት ወሩን ሁሉ ግን ይመልሳሉ ብዬ አልዋሽሽም። ከተመለሰም ወደ ወንድምሽ ካርድ ነው የሚሄደው። እሱ ባንኩ ጋ ሄዶ «እኔ አላዘዝኩም» ብሎ ባያስመልስ ይሻላል፣ እንደዛ ሲሆን አፕል አካውንቱን ሊዘጋው ይችላል፣ ደግሞም እኮ ታዟል፣ እህቱ ናት ያዘዘችው! ደውይና ሁለቱን አፕ በስም ንገሪው፣ ሲያውቀው ቅያሜውም ይበርዳል።

ደዋይ ከኮምቦልቻ፦ እኔ አንድሮይድ ነው የምጠቀመው። ከባንክ ባወጣሁት የዶላር ካርድ ላይ GOOGLE ብሎ አንድ ኮከብ ከዛ የተቆራረጠ ስም ይመጣል፣ ስሙን ጨርሶ አላውቀውም። ፕሌይ ስቶር ላይም ሰብስክሪፕሽን የለኝም።

መልስ፦ ያንተ ይሻላል ወንድማለም፣ ጉግል ቢያንስ ፍንጭ ይሰጣል። ከኮከቡ ቀጥሎ የሚመጣው የአፑ ወይም የሰሪው ድርጅት ስም ነው፣ ቦታ ስለማይበቃው ተቆርጦ ነው የማታውቀው፣ የድርጅቱ ስም ደግሞ ከአፑ ስም ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ፕሌይ ስቶር ላይ አፑን ስትከፍተው ከስሙ ስር የሰሪው ስም ተጽፏል፣ ከሱ ጋር አስተያየው።

ባዶ የሆነብህ ምክንያት ግን ከላይኛዋ ደዋይ ጋር አንድ ነው። ስልክህ ላይ ስንት ጂሜል አለ? አንድ ያንተ፣ አንድ ልጁ ዩቲዩብ የሚያይበት፣ አንድ ድሮ የከፈትከው ምናምን። ፕሌይ ስቶር አንድ በአንድ ነው የሚያሳየው። ከላይ በቀኝ ያለችውን ፎቶ ነካ አድርገህ አካውንቱን ቀይር፣ ከዛ Payments & subscriptions፣ ከዛ Subscriptions፣ ካልተገኘ ወደሚቀጥለው ጂሜል። እኔ እንደማየው ብዙ ጊዜ የልጁ አካውንት ላይ ነው የሚገኘው። በኢሜል መፈለግ ከመረጥክ እያንዳንዱ ጂሜል ላይ GPA ብለህ ፈልግ፣ የጉግል ፕሌይ የደረሰኝ ቁጥር የሚጀምረው በሱ ነው። ስታገኘው Cancel subscription በል፣ አፑን መሰረዝ እዚህም አይሰራም። ከተቆረጠ 48 ሰዓት ካልሞላው ራሱ ጉግልን ብሩን መልስ ማለት ትችላለህ፣ ካለፈ ግን በአብዛኛው የሚልኩህ ወደ አፑ ሰሪ ነው።

ደዋይ ከደሴ፣ ሆጤ፦ እኔ ካርድም የለኝም፣ ግን የሞላሁት ባላንስ በየቀኑ ሁለት ሁለት ብር ይቀንሳል። ይሄም አፕ ስቶር ነው?

መልስ፦ አይደለም እናቴ። በየቀኑ በብር ከሞላሽው ባላንስ የሚቀነስ ከሆነ የአጭር ቁጥር መልዕክት አገልግሎት ነው የሚሆነው። ጥቅስ፣ የኳስ ውጤት፣ እጣ ምናምን እያለ በየቀኑ ሜሴጅ የሚልክልሽ ቁጥር ካለ እሱ ነው፣ ወደዛው ቁጥር STOP ብለሽ ላኪ። የሚያረጋግጥ መልስ መጥቶ በነጋታውም ባላንሱ ካልተነካ አለቀ። ሜሴጁን አጥፍተሽው ቁጥሩን ካላወቅሽው የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውለሽ የተመዘገብሽበትን አገልግሎት ሁሉ ስም እየጠሩ እንዲነግሩሽ ጠይቂ። ዝም ብለሽ «ብሬን በላችሁት» ካልሻቸው ግን ባላንስሽን ነግረው ነው የሚዘጉት፣ «የትኛው አጭር ቁጥር ላይ ተመዝግቤያለሁ» በያቸው።