ስንኝ የት ያሳርፋል? የት ያሻግራል?

ያሬድ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፤ ከድሬዳዋ ነው የምናነጋግራችሁ። ዛሬ የግጥም ፍጥነት ከየት እንደሚመጣ እንመረምራለን። ሔለን ለዚሁ ውይይት ሁለት ምሳሌዎችን ጽፋለች፤ ሁለቱም በወል ቤት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም ወይም ክፍለ ቃል ባላቸው ሁለት ሐረጎች የተሠሩ ናቸው።

ሔለን፦ የመጀመሪያው በከተማችን ወንዝ፣ በደቻቱ ይጀምራል፦

ደቻቱ ደረቀ፣ ዝናቡ ዘገየ፤
መንደሩ በሙሉ ደመናውን አየ።

ያሬድ፦ የተነባቢ ድግግሞሽ ግጥምን ያፈጥናል የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል። እዚህ ግን «ደ» በመጀመሪያው ሐረግ፣ «ዘ» በሁለተኛው ቢደጋገሙም ንባቡ ዝግ ያለ ነው።

ሔለን፦ ምክንያቱ ድግግሞሹ የተቀመጠበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ሐረግ የራሱን ድምፅ ይዞ ስለሚዘጋ በመካከላቸው ያለው እረፍት ጎልቶ ይሰማል። በዚያ ላይ «ደረቀ» እና «ዘገየ» ሁሉም ፊደሎቻቸው ግዕዝ ስለሆኑ፣ የአናባቢው መመሳሰል ሁለቱን ሐረጎች በእኩል ምት ያሳርፋቸዋል። ሁለቱም ቃላት ግስ መሆናቸውን ደግሞ አትርሳ፤ በአማርኛ ማሰሪያው ግስ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሩ ያልቃል፤ አንባቢውም ትንፋሽ ይወስዳል።

ያሬድ፦ ሁለተኛውንስ?

ሔለን፦
ማለዳ ተነሥቶ መንደሩ በሙሉ
ደመናውን አየ፤ ሕፃናት ዘለሉ።

ያሬድ፦ የቀለሙ ቁጥር አልተለወጠም፤ ንባቡ ግን ወደ ፊት ይጎትታል።

ሔለን፦ የመጀመሪያው ስንኝ ማሰሪያ ግስ ሳያገኝ ስላለቀ ነው። «መንደሩ በሙሉ» ምን እንዳደረገ የምናውቀው ወደ ቀጣዩ ስንኝ ስንሻገር ብቻ ነው። ይህ መሻገር በአማርኛ በጣም የሚበረታው ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ይመስለኛል። የ«መ» ድምፅም ያግዛል፤ በ«ማለዳ» ተጀምሮ በ«መንደሩ» እና በ«በሙሉ» አልፎ «ደመናውን» ውስጥ ስለሚገባ ሁለቱን ስንኞች ያስተሳስራቸዋል። በመጀመሪያው ምሳሌ አጥር የነበረው ድግግሞሽ እዚህ ድልድይ ሆኗል ማለት ነው።

ያሬድ፦ በግጥም ምሽቶች ላይ ግን ብዙዎች ቤት በመታው ፊደል ላይ ድምፃቸውን ጥለው ሲያርፉ እሰማለሁ።

ሔለን፦ «በሙሉ» ላይ እንዲያ ከታረፈ መሻገሩ ይጠፋል፤ ግሱም ከባለቤቱ ተነጥሎ ይቀራል። ያን ቦታ ድምፅን ሳይጥሉ፣ «ሉ»ን በጥቂቱ ብቻ ስቦ ማለፍ ይበቃል፤ ቤቱ «ዘለሉ» ሲባል ራሱ ይሰማል። ገጣሚውም ቢሆን ሁሉንም ስንኝ ማሻገር የለበትም፤ አንባቢው የስንኙን ማለቂያ መጠበቅ ካቆመ ቤት መምታቱ አይሰማም፤ ጽሑፉም ወደ ዝርው ይጠጋል። እኔ ስጽፍ መጀመሪያ ሦስት አራት ስንኞችን በግስ እዘጋለሁ፤ ጆሮ እረፍቱን ከለመደ በኋላ አንዱን አሻግራለሁ።

ያሬድ፦ በሚቀጥለው ክፍል ይህንኑ በሰንጎ መገን፣ አምስት አምስት ቀለም ባለው ምት ላይ እንሞክረዋለን።