ለጋሼ ሽኝት ማን ስንት ያዋጣ? ገንዘቡንስ ማን ይያዘው?

ባልደረቦቼ፣ ቡናው እስኪፈላ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሾፌራችን 60 ዓመት ሞልቷቸው በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ዛሬ የሰበሰብኳችሁ እሳቸው መስክ ስለሆኑ ነው። የመዋጮውን ነገር አሁን እንቁረጥ። ከዚያ በፊት ግን ባለፈው ዓመት ሽኝት የሆነውን መናገር አለብኝ፤ ያኔ ገንዘቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩና።

ሁላችንም እኩል 500 ብር እናዋጣ ተባለ። 32 ሰው ነን፣ 16,000 ብር ይሞላል አልን። በሦስተኛው ቀን ከጽዳት ሠራተኞቻችን አንዷ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። አስር ባለ 50 ብር ኖቶች ነበሩ። ቆጥሬ ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ። ከሰፈር ሱቅ ተበድራ እንዳመጣችው የሰማሁት ሽኝቱ ካለፈ በኋላ ነው። በወር 4,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 500 ብር የደመወዙ አንድ ስምንተኛ ነው፤ 25,000 ለሚያገኘው ግን ከመቶ ብር ሁለት ብር ብቻ። ያወጣነው እኩል ነው፣ የከበደን ግን እኩል አይደለም። እሷም እምቢ ማለት አልቻለችም፣ ምክንያቱም የከፈለና ያልከፈለ ሰው ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ በሦስት እንክፈለው። ጽዳት፣ ጥበቃና ተላላኪ 9 ሰዎች ናቸው፤ 100 ብር። ባለሙያዎች 16 ናቸው፤ 300 ብር። እኔን ጨምሮ የክፍል ኃላፊዎችና ከፍተኛ ባለሙያዎች 7 ነን፤ 700 ብር። ሁሉም ቢከፍል 10,600 ብር ይመጣል። ግን ሁሉም አይከፍልም፣ ከፈቃድ የማይመለስ አለ፣ ወሩ የጠበበው አለ፣ ስለዚህ በ9,000 ብር እናቅድ። ከታሰበለት ያነሰ የሚሰጥ ካለ ለምን አይባልም። ጨርሶ ያልቻለም ካርዱ ላይ እንደ ማንኛችንም ይፈርማል።

ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው መጀመሪያ ዕቃ መርጠን፣ ከዚያ ዋጋውን ለሰው ስለምናካፍል ነው። ዕቃው ሲወደድ መዋጮው አብሮ ይወጣል። አሁን ገንዘቡን አስቀድመን አውቀናል፤ 2,500 ለጥሩ ጋቢ፣ 1,500 ለዳቦና ለቡና፣ 5,000 በፖስታ። ፖስታውን የመረጥኩት የጡረታ ወረቀታቸው አልቆ የመጀመሪያው ክፍያ እጃቸው እስኪገባ ድረስ ከግድግዳ ሰዓት ይልቅ ብር ስለሚጠቅማቸው ነው። ከ9,000 በላይ የመጣው ሁሉ እዚያው ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ለሚቀጥለው ሽኝት ብለን የምናስቀምጠው ተራፊ አይኖርም።

አሁን ገንዘብ ያዡ። ባለፈው ዓመት ብሩን የተቀበልኩት የቤት ወጪዬ በሚገባበት ቴሌብር ነበር። መብራት ከፈልኩበት፣ አስቤዛ ገዛሁበት፣ የመዋጮው ብር ስንት እንደሆነም ከጭንቅላቴ ነበር የምቆጥረው። በዚያ ላይ አራት ሰዎች «ሙላልን፣ ደመወዝ ሲወጣ እንሰጥሃለን» ስላሉኝ 2,000 ብር ከኪሴ ጨመርኩ። ስጦታው ተገዛ፣ የጎደለውንም ሞላሁ። ግን አንድ ሰው መጥቶ «በጠቅላላው ስንት ተሰበሰበ?» ሲለኝ የማሳየው የሂሳብ ወረቀት አልነበረኝም። ሳልሰርቅ እንደ ሌባ አንገቴን ደፋሁ። ያንን ስሜት ለማንም አልመኝም።

እድር ውስጥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አንድ ሰው አይደሉም። እኛም እንደዚያው ሁለት ሰው እንምረጥ። አንዱ ብሩን ይያዝ፣ ሌላው ይመዝግብ። ያዡ አለቃ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ለአለቃ እጅ በእጅ መቶ ብር መስጠት ያሸማቅቃል። የቢሮውን ካዝና የሚይዘው ባልደረባችንም ይቅርብን፤ የመንግሥትና የእኛ ብር በአንድ መሳቢያ አይደር። ለሁለት ሳምንት ብሎ በሁለት ፊርማ የባንክ ሂሳብ መክፈትም ድካም ነው። ብዙ የማይጠቀምበት ሂሳብ ያለው ሰው ይበቃናል።

የምትከፍሉት ለያዡ ነው፤ የክፍያውን ቁጥር ግን ለመዝጋቢው ትልካላችሁ። በጥሬ ብር የሚሰጥ ካለ ሁለቱም ባሉበት ይቆጠር። ዓርብ ዓርብ ደብተሩንና ሂሳቡን ያስተያያሉ። ከተለያየ ቢበዛ የአንድ ሳምንት ስህተት ነው፣ ሰውም ገና ያስታውሳል። ግሩፑ ላይ የሚወጣው ድምሩ ብቻ ነው፤ ስም የለም፣ ማን ስንት እንደሰጠም አይጻፍም። ያዡ ለማንም ከኪሱ አይሙላ፣ እናንተም አትጠይቁት። ደመወዝ በወጣ በሦስተኛው ቀን ይዘጋል፣ በማግስቱ ሁለቱ አብረው ሄደው ጋቢውን ይገዛሉ፣ ደረሰኙም ደብተሩ ላይ ይለጠፋል።

እኔ ዘንድሮ አልይዝም። ደብተሩን ግን ገዝቻለሁ፣ ይኸው። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ጥቆማ ስጡ፣ መጀመሪያ መዝጋቢውን።