የጆን ኮነር አባት ማነው?

ውድ ታዳሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው የጊዜ ጉዞ ታሪክ ሲጻፍ ስለሚገጥመው ጣጣ ነው። ለዚህ ጉዳያችን አንድ ፊልም ይበቃናል፤ አብዛኞቻችሁም አይታችሁታል። በ1984 የወጣው «ተርሚኔተር» ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ታሪኩን ላስታውሳችሁ። በ2029 ማሽኖች ከሰው ልጅ ጋር ጦርነት ላይ ናቸው። የሰዎቹ መሪ ጆን ኮነር ነው። ማሽኖቹ ጆን እንዳይወለድ ብለው እናቱን ሣራን የሚገድል ሮቦት ወደ 1984 ይልካሉ። ጆን ደግሞ እናቱን የሚጠብቅ ካይል ሪስ የተባለ ወታደር ይልካል። ካይልና ሣራ ይዋደዳሉ፤ ጆን ይጸነሳል። እንግዲህ ማሽኖቹ ገዳይ ባይልኩ ኖሮ ጠላታቸው ባልተወለደ ነበር።

ቋሚ የጊዜ መስመር ማለት ይህ ነው። ያለፈው የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ተጓዡም ያኔውኑ እዚያ ነበረ። ታሪክን ሊለውጥ ይሄዳል፣ ፈጽሞት ይቀራል። ታዲያ አያቱን ገና ልጅ ሳይወልድ ሊገድል የሄደስ? ቢሳካለት እሱ ራሱ አይወለድም፤ ካልተወለደ ደግሞ ገዳይ የለም። የአያቱ ፓራዶክስ የሚባለው ይህ ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ሉዊስ በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ መልስ ሰጥቶበታል፦ ሰውየው ጠመንጃም ችሎታም አለው፤ ግን አያትየው እንዳልተገደለ የታወቀ ስለሆነ ይከሽፍበታል። የሚከሽፍበትም ምክንያት ተራ ነው፤ እግሩ ያዳልጠዋል፣ ሐሳቡን ይቀይራል።

ለፈላስፋ ይህ ይበቃል፤ ለደራሲ ግን አይበቃም። ጠመንጃው አንዴ ቢነክስ አንባቢ ያምናል፤ ሦስቴ ከነከሰ የደራሲውን እጅ ያያል። «ተርሚኔተር» ከዚህ ያመለጠው በድንቁርና ነው፤ የማሽኖቹን ድንቁርና ማለቴ ነው። መዛግብት በጦርነቱ ስለጠፉ ሮቦቱ የሚያውቀው የሣራን ስምና ከተማዋን ብቻ ነው። ስለዚህ ከስልክ ማውጫ እያየ ሞክሼዎቿን በተራ ይገድላል፤ ካይል የሚደርስበትን ጊዜ የሚያገኘውም እዚያ ላይ ነው። ክሽፈቱ ከመጀመሪያው ተዘርቶ ነበር።

ቋሚው መስመር ሌላ ጣጣም አለው፤ እሱም መነሻ የሌለው ነገር ነው። ካይል የሣራን ፎቶ ይዞ ነበር። ፎቶው በ1984 ተነሣ፣ ከጆን እጅ ወደ ካይል አለፈ፣ ወደፊት በጦርነቱ ተቃጠለ። መነሻም መድረሻም ስላለው አያስቸግርም። በ1991ዱ ሁለተኛ ፊልም ግን የማሽኖቹ አእምሮ የተሠራው የመጀመሪያው ሮቦት ጥሎት ከሄደው ቺፕ በተገኘ ዕውቀት እንደሆነ እንሰማለን። ዕውቀቱን ማን ፈለሰፈው? ማንም። ቋሚው ሕግ ይህን አይከለክልም፤ እርስ በርሱ አይጋጭማ። የሚያስጨንቀው ምንጭ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

በዚያው ሁለተኛ ፊልም ገጸ ባሕርያቱ ቺፑን ቀልጦ በሚንተከተክ ብረት ውስጥ ይጥላሉ፤ ነሐሴ ላይ ሊፈነዳ የነበረው የ1997ቱ ጦርነትም ቀረ ብለው ያምናሉ። ጦርነቱ ከቀረ ካይልን የሚልክ የለም፤ ካይል ካልተላከ ጆን የለም። ጆን ግን እዚያው ቆሟል! በቋሚው ሕግ ይህ ፈጽሞ አይሆንም። በቅርንጫፍ ሕግ ግን ይሆናል፤ ተጓዥ በደረሰ ቁጥር አዲስ መስመር ይፈለቀቃል፤ የመጣበትም መስመር ሳይነካ ይቀጥላል። የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ዶይች በ1991 የአያቱን ፓራዶክስ ሲፈታ ያቀረበው ከዚህ ይቀራረባል፦ ተጓዡ የሚወጣው ከሄደበት ዓለም በተለየ ዓለም ውስጥ ነው። የጆን አባት ከሌላ መስመር የመጣ ሰው ነው፤ አበቃ።

እዚህ ላይ ብዙ ደራሲያን እፎይ ይላሉ፤ ሒሳቡ ግን ገና ነው። በወረቀት ላይ መስመር አስምሩና ተከታተሉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ከወደፊት የመጣ ማንም የለም። ስለዚህ የማሽኖቹን አእምሮ ሰዎች ከባዶ ፈልስፈውታል፤ የቺፑ እንቆቅልሽ ተፈታ። ግን ካይል እዚያ መስመር ላይ በ1984 ስላልደረሰ የዚያ መስመር ጆን አባቱ ሌላ ሰው ነው። ካይልን የላከው ጆንና ከካይል የተወለደው ጆን ስማቸውና እናታቸው አንድ ቢሆንም ሁለት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ የሚብሰው የምክንያት መፍረስ ነው። ማሽኖቹ ሣራን በሌላ መስመር ቢገድሏት በራሳቸው መስመር ያለው ጆን መዋጋቱን ይቀጥላል። ጆንም ካይልን ቢልክ የሚያድነው የማያውቃትን ሴት ነው። ሁለቱም ወገን ለምን ይልካል? ፓራዶክሱ ሲጠፋ የታሪኩ ሞተርም አብሮ ይጠፋል። መውጫው ላኪዎቹ ቅርንጫፍ መኖሩን አለማወቃቸው ነው፤ ያን ጊዜ አንባቢው ማወቁ፣ እነሱ ግን አለማወቃቸው ራሱ መራራ ታሪክ ይሆናል። ሌላው መንገድ ላኪው አውቆ፣ የራሱ ዓለም እንደማይድን ተቀብሎ ለማያውቃቸው ሰዎች ሲል እንዲልክ ማድረግ ነው፤ ያኔ ግን የምትጽፉት ጆን ከመጀመሪያው ፊልም ጆን በጣም የተለየ ሰው መሆን አለበት።

አመሰግናለሁ።