የእናቴ ኢንሱሊንና የቤተሰባችን የዓመት ዕቅድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል የማነሣላችሁ ጉዳይ፣ ክትትሉ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሕመም ወደ አንድ ቤተሰብ ሲገባ የመድኃኒቱ፣ የመንገዱና የሥራ ቀኑ ወጪ እንዴት አስቀድሞ ሊታቀድ እንደሚችል ነው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች። የምትኖረው ሰሜን ሸዋ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሲሆን፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ።

ብዙ ቤተሰብ ሲያቅድ የሚጠይቀው «መድኃኒቱ በወር ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም «ቀጠሮው በየስንት ጊዜው ነው?» የሚለው ነው። የመንገዱንም፣ የጠፋውንም የሥራ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ሊወሰድ የሚገባውንም የመድኃኒት ብዛት የሚወስነው በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከመድኃኒቱ ልጀምር። እናቴ የምትወስደው ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን በ10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለ አንድ ብልቃጥ በጠቅላላው 1,000 ዩኒት ይይዛል። ሐኪሟ ያዘዘላት ጠዋት 30፣ ማታ 15 ዩኒት ነው፤ በቀን 45 ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ብልቃጥ የሚያገለግላት 22 ቀን ያህል ብቻ ሲሆን፣ ለ30 ቀን የሚያስፈልጋት ግን 1,350 ዩኒት ነው። አንድ ብልቃጥ ተሰጥቷት የወር ቀጠሮ ቢያዝላት፣ ቀጠሮው ሳይደርስ ከአንድ ሳምንት በላይ ያለ መድኃኒት ትቀራለች። ሒሳቡን ያልሠራ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ብልቃጡ ባዶ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በጥድፊያ ከግል መድኃኒት ቤት በተገኘው ዋጋ ይገዛል፣ ወይም ሕመምተኛዋ መጠኑን ራሷ ትቀንሳለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው።

መጠኑ አነስተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። በቀን 20 ዩኒት ለሚወስድ ሰው አንዱ ብልቃጥ 50 ቀን ይበቃዋል፤ ነገር ግን የተከፈተ ብልቃጥ እንደ አምራቹ መመሪያ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከቆየ በኋላ መጣል ስላለበት፣ ያልተጨረሰውም ተጥሎ አዲስ መከፈት አለበት። የተከፈተበትን ቀን በብልቃጡ ላይ መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። የምጠቅሰው ብር ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ነው፤ እያንዳንዳችሁ በአካባቢያችሁ ዋጋ ተኩት። ለሁለት ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት 400 ብር፣ የቀን ምግብ 300 ብር፣ አብሯት የሚሄደው ወንድሜ የሚያጣው የቀን ገቢ 600 ብር ነው እንበል። አንዱ ቀጠሮ ገና መድኃኒት ሳይገዛበት 1,300 ብር ወሰደ ማለት ነው። ቀጠሮው በየወሩ ከሆነ በዓመት 15,600 ብር ይሆናል፤ በየ3 ወሩ ከሆነ ግን 5,200 ብር። የ10,400 ብሩ ልዩነት የመጣው መድኃኒት ረክሶ ወይም ሕክምና ተቀንሶ ሳይሆን ጉዞው ስለቀነሰ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስኳሩ የተረጋጋ ሕመምተኛ ቀጠሮው እንዲራዘምለትና የዚያኑ ጊዜ መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሰጠው ሐኪሙን መጠየቅ ይችላል፤ ይህንን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሐኪሙ የሚወስነው መዝገቡን አይቶ ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ የተለካውን የስኳር መጠን ከነቀኑና ከነሰዓቱ የያዘ ደብተር ይዞ መቅረብ ይጠቅማል። ስኳሩ የሚዋዥቅ ወይም መጠኑ ገና እየተስተካከለ ያለ ሰው ግን በተደጋጋሚ መታየት ስላለበት፣ ለወጪ ሲባል ቀጠሮውን ማራቅ አይገባም።

ቀጠሮው ሲራዘም አዲስ ጥያቄ ይመጣል፤ ለ90 ቀን 4,050 ዩኒት ስለሚያስፈልግ 5 ብልቃጥ ወደ ቤት ይገባል፤ የት ይቀመጣል? ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፣ እርጥብ አሸዋ በተሞላ የሸክላ ገንቦ ውስጥ፣ ውኃ እንዳይነካው ተጠቅልሎ፣ በጥላ ሥር የሚቀመጥ ብልቃጥ ከሙቀት ይጠበቃል፤ ይህ ግን በሥራ ላይ ላለው ብልቃጥ እንጂ ለ3 ወር ክምችት አስተማማኝ አይደለም። እናቴ የቀሩትን ከጎረቤታችን ማቀዝቀዣ በር ላይ ታስቀምጣለች፤ ከበረዶ ቤቱ የራቀ እንዲሆን እንጠነቀቃለን፣ ምክንያቱም አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም። ኤንፒኤች በመዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ሲንከባለል ወጥ የሆነ ነጭ ካልሆነ፣ ጓል ከታየበት ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቆ ከቀረ መጣል አለበት።

በቀጠሮው ዕለት የሚያስቸግረን ሌላው ነገር የጾም ምርመራ ነው። ደሙ ምግብ ሳይቀመስ ስለሚሰጥ፣ በመጀመሪያው መኪና መሄድ ግድ ይሆናል። እናቴ የጠዋት መርፌዋን ሳትወጋ ኢንሱሊኗንና ምግቧን በቦርሳ ይዛ ትሄዳለች፤ ደም ከሰጠች በኋላ ተወግታ ትበላለች። ተወግቶ ሳይበሉ መንገድ ላይ መዘግየት ስኳሩን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ዝቅ ያደርገዋልና፣ አብሮ የሚሄደው ሰው በኪሱ ስኳር ወይም ከረሜላ ይይዛል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነታችን ትልቅ ሸክም አቅልሎልናል፤ መዋጮው በዓመት አንዴ ስለሚከፈል፣ የእድሳቱ ጊዜ እንዳያልፍ ለብቻው የሚቀመጥ ገንዘብ አለን። መድኑ ግን መንገዱንም ሆነ የጠፋውን የሥራ ቀን አይሸፍንም። የታዘዘው መድኃኒት በጤና ተቋሙ ሳይኖር ሲቀርም ከውጭ መግዛት ሊመጣ ስለሚችል፣ ቢያንስ የአንድ ብልቃጥና የመርፌዎቹ ዋጋ ሁልጊዜ በእጅ እንዲኖር እናደርጋለን። በዚያ ጊዜ የሐኪሙን ማዘዣና ማኅተም ያለበትን ደረሰኝ ይዞ፣ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ የወረዳውን የመድን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ስለ ሥራ ቀን ስናወራ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የሕመም ፈቃድ ለታመመው ለራሱ ለሠራተኛው እንጂ እናቱን ለሚያስታምም አይደለም። የዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። እኔ በየወሩ አንድ ቀን ለቀጠሮ ብወስድ 12ቱ ያልቃል፤ እናቴ በድንገት ሆስፒታል ብትተኛ የሚተርፈኝ 4 ቀን ብቻ ነው። አዋጁ ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ በዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ቢፈቅድም ክፍያ የለውም። ስለዚህ የእኔን ፈቃድ ለድንገተኛው ጊዜ አስቀምጠን፣ የመደበኛውን ቀጠሮ ወንድሜ እንዲሄድ ተስማምተናል።

ይህ ስምምነት ፍትሐዊ የሚሆነው ግን የወንድሜ ቀን ሲቆጠር ነው። በብዙ ቤት ርቆ ያለው ልጅ ብር ይልካል፣ ቅርብ ያለው ልጅ ጊዜውን ይሰጣል፤ የሚመሰገነው ግን ብር የላከው ብቻ ነው። እኛ 600 ብሩን ከትራንስፖርቱ እኩል በዝርዝሩ ላይ ጽፈነዋል፤ እኔም ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ከቀሪው ወጪ ጋር አብሬ እልክለታለሁ።