የባንክ ደብዳቤያችሁን ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት

(ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ የባንክ ቅርንጫፍ። ካሜራው አንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ ይጠጋል።)

ተራኪ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይሄ ለቪዛ የተጻፈ የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤ ነው። ስሙም ቁጥሩም ለምሳሌ የተፈጠረ ነው። ባለቤቷ ሕይወት ትባል። ማህተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ደስ ብሏት ልትወጣ ነው። እስቲ ትንሽ እናቆያት። ከዚህ ወጥታ ቦሌ ደርሳ ብትመለስ የታክሲ ሰልፉን ታውቁታላችሁ።

(በስክሪኑ ላይ፦ 8/11/2017)

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ጸሐፊው ሐምሌ 8 ቀን 2017 ማለቱ ነው። እኛ እንረዳዋለን። ቪዛ የሚመረምረው ሰውስ? ኅዳር 2017 ወይም ነሐሴ 2017 አድርጎ ያነበዋል፣ ያውም በፈረንጆቹ። ትናንት የወጣው ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ዓመታት ያለፈው አሮጌ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። አብሮት የሚቀርበው ስቴትመንት ደግሞ ከሲስተም ስለሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ ቀን ነው። ሁለቱ ወረቀቶች አይገናኙም። ስለዚህ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይጻፍላችሁ፦ 15 July 2025። ሒሳቡ የተከፈተበት ቀንም እንዲሁ። «ከ2012 ጀምሮ ደንበኛችን ናት» ቢል የኛ ነው የፈረንጅ? ስምንት ዓመት ገደማ ልዩነት አለው።

(በስክሪኑ ላይ፦ ፓስፖርትና ደብዳቤ ጎን ለጎን። Hiwot / Hiwet)

ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የባንክ ሒሳቡ በአማርኛ ፎርም ተሞልቶ ከሆነ፣ እንግሊዝኛው የገባው በመዝጋቢው ሠራተኛ ጆሮ ነው። ባንኩ የአባት ስም ላይ አቁሞ ፓስፖርቱ የአያት ስም ካለው ደግሞ ሦስቱም ይጻፉ በሏቸው። ፓስፖርቱን ይዛችሁ ግቡ፤ «እንደ ፓስፖርቱ አድርጉልኝ» ማለት ይበቃል። አንዳንዱ ቅርንጫፍ ግን ሲስተም ላይ ያለው ስም ካልተስተካከለ ደብዳቤውን አይቀይርም። ስለዚህ ቀጠሮው ሳይደርስ መሄድ ነው የሚሻለው።

(በስክሪኑ ላይ፦ የቀሪ ሒሳቡ መስመር፣ 642,300 ብር)

አሁን ወደ ገንዘቡ። ደብዳቤው የሒሳብ ቁጥሩን፣ የሒሳቡን ዓይነትና ቀሪውን ብር በአኃዝም በፊደልም ይላል። ጥሩ ነው። ግን ቀሪ ሒሳብ ብቻውን የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ኤምባሲው የሚያየው ፊልሙን ነው፤ ማለትም ስቴትመንቱን። ለሸንገን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቢያንስ የሦስት ወር ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የስድስት ወር ይላል። የምታመለክቱበትን ኤምባሲ ዝርዝር እዩ።

የሕይወትን ስቴትመንት ዘርጉት። እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ሒሳቡ አርባ ሺህ ብር አካባቢ ይንቀሳቀሳል። በ9 July ላይ 42,300 ብር ነበር። የዚያኑ ቀን 600,000 ገባ። ደብዳቤው ከስድስት ቀን በኋላ 642,300 ይላል። ደብዳቤው አልዋሸም፣ ድምሩም ልክ ነው። መርማሪው ግን «ብሩ ለቪዛው ተበድሮ የገባ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። እውነትም እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል፣ እሱም ያውቀዋል።

ሕይወት ግን መኪና ሸጣ ነው እንበል። እንግዲያው የሽያጭ ውሉን ከነትርጉሙ ታያይዝ፤ በማመልከቻ ደብዳቤዋም የገባበትን ቀንና መጠን ትጥቀስ። ባንኩ የብሩን ምንጭ አይጽፍላትም፣ ሥራውም አይደለም። ቤተሰብ የሰጣት ከሆነ ደግሞ ሰጪው ራሱ ስፖንሰር ሆኖ የራሱን ስቴትመንት ቢያቀርብ፣ ብሩ እሷ ሒሳብ ውስጥ በድንገት ከሚታይ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንዳንድ ደብዳቤ ብሩን በዶላር ወይም በዩሮ አስልቶ ያስቀምጣል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን ቁጥሩ በየጊዜው ይለዋወጣል። የየትኛው ቀን ተመን እንደሆነ ይጻፍ፤ ዋናው ብር ግን አይቅር።

(ምስል፦ የደብዳቤው ግርጌ)

ፊርማው ሥር የፈራሚው ሙሉ ስምና የሥራ መደብ መነበብ አለበት። ማህተሙ የሒሳብ ቁጥሩ ላይ ካረፈ ሌላ ቅጂ ጠይቁ። ከላይ ደግሞ የደብዳቤ ቁጥር፣ የቅርንጫፉ ስም፣ ስልክና ኢሜይል ይኑር። ኤምባሲው ሊያጣራ ይችላል። ስልኩን እዚያው ቆማችሁ ደውሉበት። የከተማ ዳር ቅርንጫፍ የመስመር ስልክ ተቆርጦ መክረሙ ብርቅ አይደለም። ካልጠራ የሚሠራ ቁጥር ወይም የዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ እንዲጨመርላችሁ ጠይቁ፤ ጸሐፊው ፋይሉን ገና አልዘጋውም።