አራት ሥሮች አንድ ነጥብ ላይ ሲደራረቡ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ ቢሮዬ መጣና “መምህር፣ ፕሮግራሜ ተበላሽቷል” አለኝ። እንዲፈታለት የሰጠው ፖሊኖሚያል x^4 − 4x^3 + 6x^2 − 4x + 1 ነበር። ይህ (x − 1)^4 ተዘርዝሮ ሲጻፍ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሥሩ 1 ብቻ ነው፣ አራት ጊዜ ተደራርቦ። ኮምፒውተሩ ግን አንዱን 1.0002 ገደማ፣ ሌላውን 0.9998 ገደማ ብሎ፣ የቀሩትን ሁለቱን ኮምፕሌክስ ቁጥር አድርጎ መለሰለት። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ስህተቱን ሲፈልግ አድሯል። ፕሮግራሙ ግን ጤነኛ ነበር።

ምክንያቱን በእጅ ማየት ይቻላል። የመጨረሻውን 1 ወደ 0.99999999 እንለውጠው። የቀነስነው ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ነው። እኩልታው (x − 1)^4 = 10^−8 ይሆናል። አራተኛ ሥሩን ስንወስድ x ከ1 የሚርቀው በ10^−2 ነው፤ ስለዚህ ሥሮቹ 1.01፣ 0.99፣ 1 + 0.01i እና 1 − 0.01i ይሆናሉ። ለውጡ ሚሊዮን ጊዜ ገዝፎ ወጣ። በተቃራኒው 1.00000001 ብንለው ደግሞ አንድም ሪል ሥር አይተርፍም፤ አራቱም ኮምፕሌክስ ይሆናሉ። ኮምፒውተር በተለመደው አሠራሩ ዐሥራ ስድስት ያህል ዲጂት ይይዛል። በ10^−16 ደረጃ የሚፈጠር የማጠጋጋት ስህተት ሥሩን በ10^−4 ደረጃ ያንቀሳቅሰዋል። የልጁ 0.0002 የመጣው ከዚህ ነው።

ግራፉን ብትስሉት ነገሩ ይገለጣል። ኩርባው 1 አካባቢ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው። በረባዳ ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ አንድ ጣት ከፍ ሲል ዳርቻው ብዙ እርምጃ ይሸሻል፤ ገደል ሥር ያለ ውሃ ግን ያንኑ ያህል ቢጨምር ዳርቻው ካለበት እምብዛም አይነቃነቅም። ያ ተዳፋት ዴሪቬቲቩ ነው። ሥሮች ሲጠጋጉ ዴሪቬቲቩ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የሥሩ መንቀሳቀስ ደግሞ የሚሰላው ለዴሪቬቲቩ በማካፈል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው “ሥሩን መልሼ ከትቼ አረጋገጥሁ” በማለት ነው። 1.01ን ልጁ በሰጠው ፖሊኖሚያል ውስጥ ብትከቱት የሚወጣው 0.00000001 ነው፤ ዜሮ ይመስላል። ሥሩ ግን በመቶ አንድ እጅ ተሳስቷል።

“እኔ ተደራራቢ ሥር አይገጥመኝም” የሚል ካለ የእንግሊዙን የጄምስ ዊልኪንሰንን ታሪክ ይስማ። በቴዲንግተን፣ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ፣ ፓይለት ኤስ በተባለው ቀደምት ኮምፒውተር ይሠራ ነበር። ፕሮግራሙን ሊፈትሽ ከ1 እስከ 20 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ሥር ያደረገ ፖሊኖሚያል መረጠ። በሥሮቹ መካከል የአንድ አንድ ርቀት አለ፤ ማንም ተጠጋጉ አይልም። የx^19 ኮፊሸንት −210 ነው። ከሱ ላይ 2^−23 ማለትም 0.00000012 ገደማ ብንቀንስ፣ ከ10 እስከ 19 ያሉት ዐሥር ሥሮች በሙሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ኮምፕሌክስ ይሆናሉ፤ 20 የነበረው 20.847 ይሆናል። ትንንሾቹ ሥሮች ግን ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ዊልኪንሰን በ1984 ሲጽፍ፣ በሙያ ዘመኑ እንዲህ ያስደነገጠው ነገር እንዳልነበረ ተናግሯል።

16ን እንውሰድ። የለውጡ ማጉያ 16^19 ለዴሪቬቲቩ ሲካፈል ነው። ዴሪቬቲቩ በራሱ ትልቅ ነው፤ 15! እና 4! ተባዝተው 3 × 10^13 ገደማ ይሆናሉ። 16^19 ግን 7.6 × 10^22 ነው። ሲካፈል ከሁለት ቢሊዮን በላይ ይወጣል። ለሥሩ 1 ግን ላይኛው ቁጥር 1 ብቻ ነው፤ ማካፈያው 19! ነው። መጠጋጋት የሚለካው በመካከል ባለው ክፍተት ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የማትሪክስ አይገን ቫልዩ የምትፈልጉ ከሆነ ፖሊኖሚያሉን ጨርሶ አትዘርዝሩት፤ ከማትሪክሱ በቀጥታ አስሉ። ኮፊሸንቶቹ በትክክል የሚታወቁ ከሆነ ዲጂት መጨመር ይረዳል፤ አራት ጊዜ ለተደራረበ ሥር ዐሥራ ስድስት ትክክለኛ ዲጂት ለማግኘት ግን ስልሳ አራት ያህል ዲጂት ይዞ መሥራት ያስፈልጋል። ኮፊሸንቶቹ በመሣሪያ ተለክተው የመጡ ከሆነ ግን የዲጂት ብዛት ምንም አይፈይድም፤ የጠፋው መረጃ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ለዚያ ተማሪ ያልኩት ሌላ ነበር። “አራቱን ደምርና ለአራት አካፍል” አልኩት። የሥሮቹን ድምር የሚወስነው የx^3 ኮፊሸንት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥሮቹ እያንዳንዳቸው ወዲያና ወዲህ ቢበተኑም አማካያቸው ካለበት አይነቃነቅም። ብዙ ሥሮች ባሉበት ፖሊኖሚያልም ቢሆን፣ መንጋው ከሌሎቹ ራቅ ብሎ የቆመ ከሆነ አማካዩ በደንብ ይያዛል። ልጁ ደመረ፣ አካፈለ። 1 ወጣ፤ ስህተቱ በኮምፒውተሩ የማጠጋጋት መጠን ደረጃ ብቻ ነበር።